ምላጭ ካለፈበት በኋላ አንገት ላይ የሚወጣው እብጠት

«ለኔ ምላጭ አይስማማኝም» የሚል ሰው ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከባሕር ዳር ፀጉር ቤቶች አይጠፋም። ጉንጩን ብታዩት ንጹሕ ነው። ከአገጩ በታች፣ ከማንቁርቱ ግራና ቀኝ ግን ምስር የሚያካክሉ እብጠቶች ሰፍረዋል። አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ መግል ቋጥረዋል፣ አንዳንዶቹ ደርቀው ጥቁር ምልክት ትተዋል። ምክንያቱን ሲጠይቁት አንዱ አለርጂ ነው ይላል፣ ሌላው ሳሙናውን ይወቅሳል፣ ሦስተኛው ፀጉር ቤቱ ምላጭ ሳይቀይር ላጭቶኝ ነው ይላል።

አገራችን ውስጥ ለዚህ ጥሩ ፍንጭ የሚሰጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ጺማቸውን ምላጭ ነክቶት የማያውቅ ቄሶች አንገት ላይ ይህ እብጠት አይታይም፤ ፀጉራቸው የቱንም ያህል የተጠቀለለ ቢሆን። ሁለተኛው፣ ሐዘን የደረሰበት ሰው ጺሙን ሳይነካ እስከ አርባው ሲቆይ ለዓመታት አልድን ያለ አንገቱ ይጠራል። ከአርባው በኋላ ሙልጭ አድርጎ በተላጨ በሳምንቱ እብጠቱ ይመለሳል። ቆዳው ያው ነው፣ ሳሙናውም ያው ነው። የተለወጠው የፀጉሩ ርዝመትና የተቆረጠበት ሁኔታ ብቻ ነው።

እብጠቱን የሚያመጣው የሰውየው የገዛ ጺሙ ፀጉር ነው። የተጠቀለለ ፀጉር ከቆዳ በላይ ብቻ ሳይሆን ከቆዳ በታችም የታጠፈ ነው፤ የሚበቅልባት ቀዳዳ ራሷ እንደ ማጭድ የጎበጠች ናት። ስለዚህ ከቀዳዳዋ ሲወጣ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ተጋድሞ ይወጣል፣ ሲረዝምም ወደ ቆዳው ይመለሳል። ተፈጥሯዊ ጫፉ ለስላሳና ቀጭን ስለሆነ ያልተላጨ ፀጉር ቆዳ ቢነካም አይወጋም። ምላጭ ሲቆርጠው ግን ጫፉ በሰያፍ ይቀራል። በታጨደ ማሳ በባዶ እግሩ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሙሉው አገዳ እግር አይወጋም፣ በማጭድ በሰያፍ የተቆረጠው ግንጥል ግን ይወጋል።

የተሳለው ፀጉር ቆዳን የሚወጋበት መንገድ ሁለት ነው፤ እነዚህን መለየት ለቀሪው ነገር ሁሉ ቁልፍ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ፀጉሩ ከቀዳዳዋ ይወጣል፣ ጥቂት ያድጋል፣ ከዚያ ይታጠፍና ከወጣበት አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ ቆዳውን ወግቶ ይገባል። ቀረብ ብለው ካዩት እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ ፀጉር ይታያል፤ ሁለቱም ጫፉ ከቆዳ ውስጥ ነው። በሁለተኛው መንገድ ፀጉሩ ከናካቴው አይወጣም። የተቆረጠው ከቆዳው ወለል በታች ስለነበረ፣ ሲያድግ በጎባጣዋ ቀዳዳ ተከትሎ መውጣቱን ትቶ የቀዳዳዋን ግድግዳ በስቶ ወደ ጎን ይሄዳል። ላዩ ላይ የሚታይ ፀጉር የለም፣ እብጠት ብቻ አለ። ብዙ ሰው «ፀጉር የለበትም፣ ብጉር ነው» ብሎ የሚሳሳተው በዚህኛው ነው።

በሁለቱም መንገድ ሰውነት ፀጉሩን የሚያየው ከውጭ እንደገባ እሾህ ነው። ደም ወደ ቦታው ይሮጣል፣ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ሊቋጥር ይችላል። መግል መኖሩ የግድ ጀርም ገባ ማለት አይደለም፤ ንጹሕ እሾህም መግል ያስይዛል። ምላጩን በአልኮል አሥር ጊዜ ያጠበ ሰው እብጠቱ ያልቀረለት ለዚህ ነው። አዲስ ምላጭ ለእያንዳንዱ ሰው መክፈት ከኤች አይ ቪና ከጉበት ቫይረስ ይጠብቃል፤ ያ ለብቻው በቂ ምክንያት ነው። የታጠፈን ፀጉር ግን አያቃናም።

የጺም ፀጉር በቀን 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ይህችን ቁጥር መያዝ ከተላጩ በኋላ የሚሆነውን በቀን ቆጥሮ ለመለየት ይረዳል። በተላጩ በደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣው መቅላትና ማቃጠል የምላጭ ቁጣ ነው፤ ቆዳው ስለተፋቀ የሚመጣ ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል፣ እብጠቱ ከሱ የተለየ ነገር ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ብቅ የሚሉት እብጠቶች በአብዛኛው ከቆዳ በታች የተቆረጡት ፀጉሮች ሥራ ናቸው። ከአራተኛው ቀን በኋላ የሚመጡት ደግሞ ወጥተው ለመታጠፍ የሚበቃ ርዝመት ያገኙት ናቸው።

ጉንጭ ተርፎ አንገት የሚጠቃው ለምንድን ነው? የጉንጭ ጺም በአብዛኛው ሰው ላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ምላጭ ወደ ታች ሲሄድ ከፀጉሩ ጋር ይሄዳል። አንገት ላይ ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም። ከመንጋጋ በታች ያለው ወደ ታች ሲወርድ፣ ከአንገቱ ግርጌ ያለው ወደ ላይ ይወጣል፤ ከማንቁርት ጎን ያለው ወደ ጆሮ ወይም ወደ መሐል ያጋድላል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ እንደ አናት ሽክርክሪት የሚዞር ቦታ አለ። ግራና ቀኙም አይመሳሰልም። ቆዳው ቀጭንና ልል ነው፤ ፀጉሩም ከጉንጩ ይልቅ ተጋድሞ ይወጣል። በዚህ ላይ ኮሌታ፣ ሻሽ ወይም ጋቢ ቀኑን ሙሉ እያሸው ፀጉሩን ወደ ቆዳው ይጫነዋል።

ስለዚህ «ሁልጊዜ ወደ ታች ተላጭ» የሚለው የተለመደ ምክር ለግማሹ አንገት ትክክል፣ ለግማሹ ስሕተት ነው። የአንገቱ ግርጌ ፀጉር ወደ ላይ የሚያድግ ሰው ወደ ታች ሲላጭ ሳያውቀው በተቃራኒው እየላጨ ነው።

የራስን አንገት አቅጣጫ ማወቅ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ጺሙን ሦስት ቀን ማሳደግ፣ ከዚያ በመስኮት ብርሃን መስተዋት ፊት ቆሞ በጣት ጫፍ ቆዳውን መዳሰስ ነው። የገብስ ዛላን በእጁ ያሻሸ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያገኘዋል፤ ወደ ጢሙ ጫፍ ሲዳስሱት ይለሰልሳል፣ ሲመልሱት ይቧጥጣል። ጣት ሳይቧጠጥ የሚንሸራተትበት በኩል ፀጉሩ የተኛበት አቅጣጫ ነው። አንገቱን በስድስት መክፈል ይበቃል፦ ከመንጋጋ በታች፣ ከማንቁርት ጎንና ከግርጌ፣ ግራውና ቀኙ። ለእያንዳንዱ ቦታ በአራቱም አቅጣጫ ዳስሶ የለሰለሰበትን በቀስት ወረቀት ላይ ማስፈር፤ ወይም ስልክ ላይ በተነሱት ፎቶ ላይ መሳል። የፀጉሩ አቅጣጫ አብሮ የሚኖር ስለሆነ አንዴ ከተያዘ አይለወጥም።

በተቃራኒው መላጨት የሚጎዳው ለምን እንደሆነ እንይ። ምላጩ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ሲሄድ ፀጉሩን ተጭኖ ከቆዳው ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆርጠዋል፤ ትንሽ ግንጥል ይቀራል፣ እጅ ላይ ይሻክራል። ከተቃራኒ ሲመጣ ግን ፀጉሩን ከሥሩ ብድግ አድርጎ ያቆመዋል፣ ወደ ውጭ ይስበዋል፣ ከዚያ ይቆርጠዋል። የተሳበው ፀጉር ሲለቀቅ ተመልሶ ወደ ቀዳዳው ይሰምጣል፤ ጫፉ ከቆዳው ወለል በታች ይውላል። ያ «እንደ ሕፃን ጉንጭ» የሚባለው ልስላሴ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የሚያስደስተው ልስላሴና ከሁለት ቀን በኋላ የሚመጣው እብጠት አንድ ምክንያት አላቸው። ፀጉሩ ለተጠቀለለ ሰው ሁለቱን አብሮ ማግኘት አይቻልም።

ቆዳን መወጠርም እንዲሁ ነው። በአውራ ጣት ቆዳው ሲሳብ ፀጉሩ ከቀዳዳው ብቅ ይላል፣ ተቆርጦ ቆዳው ሲለቀቅ ይሰምጣል። ራስን ወንበር ላይ ወደ ኋላ መጣልም ያው መወጠር ነው፤ ይህን የሚያስተውል ጥቂት ሰው ነው። አገጭ ወደ ጣሪያ ሲያይ የአንገት ቆዳ በሙሉ ይለጠጣል።

ስለ ምላጭ ስንመጣ፣ ከሱፐርማርኬት የሚገዙት ሦስትና አምስት ስለት ያላቸው መላጫዎች የተሠሩት ይህንኑ መሳብና መቁረጥ በአንድ ጉዞ እንዲያደርጉ ነው። የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ይዞ ይስባል፣ ተከታዩ ሳይመለስ ይቆርጠዋል። ለቀጥ ያለ ፀጉር ጥሩ ነው። ለተጠቀለለ ፀጉር ግን ከቆዳ በታች እንዲቆረጥ የሚያደርግ ነው፤ በዚያ ላይ አንዴ ማሳለፍ ማለት ቆዳውን ሦስት ወይም አምስት ጊዜ መፋቅ ነው። ገበያ ላይ በጥቂት ብር የሚገኘው፣ በሁለት በኩል ስለት ያለው ተራ ምላጭ በእጀታው ላይ ሲሠራ ከውዱ ይልቅ ለአንገት ይሻላል። ፀጉር ቤት የሚጠቀሙበት ግማሽ ምላጭም ነጠላ ስለት ስለሆነ መሣሪያው ራሱ ችግር የለበትም፤ ችግሩ ያለው በአያያዙ ነው።

ቤት ውስጥ አንድ ምላጭ ለሦስት፣ ቢበዛ ለአምስት ጊዜ ያገለግላል። የደነዘዘ ምላጭ በዓይን አይለይም፣ በስሜት ይለያል፤ ፀጉሩን ይጎትታል፣ ድምፁ ይጎረብጣል፣ እጅም ሳያስበው ይጫናል። ጭነት በጨመረ ቁጥር ቆዳው ከስለቱ ፊት ያብጣል፣ ፀጉሩም ጠልቆ ይቆረጣል። ሁለተኛው የድንዛዜ ጣጣ ደግሞ ያንኑ ቦታ መደጋገም ነው፤ አንዴ ማለፍ የነበረበት አራት ጊዜ ያልፋል።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንውሰድ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባንክ የሚሠራ፣ በየቀኑ ሸሚዝና ከረባት የሚያደርግ የ28 ዓመት ሰው ነው እንበል። ረቡዕና ቅዳሜ ፀጉር ቤት ይላጫል። አስተካካዩ ወንበሩን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ አረፋ ይቀባል፣ ወዲያው ይጀምራል። ቆዳውን በአውራ ጣቱ ወጥሮ መጀመሪያ ወደ ታች፣ ከዚያ እንደገና አረፋ ቀብቶ ወደ ላይ ይላጫል። በእጁ ዳብሶ የሻከረ ካገኘ ያለ አረፋ ይመልሰዋል። ሲጨርስ አልኮል ያፈስበታል፤ ደንበኛው እያቃጠለውም ቢሆን «ጀርም እየሞተ ነው» ብሎ ይታገሣል።

በዚህ ሰው ላይ ሁሉም ነገር ተደራርቧል። ራሱ ወደ ኋላ ተጥሏል፣ ቆዳው ተወጥሯል፣ በተቃራኒው ተላጭቷል፣ በደረቅ ተደግሟል። ቅዳሜ የተቆረጡት ፀጉሮች ግማሽ ሚሊ ሜትር ከቆዳ በታች ሰመጡ ብንል፣ በቀን 0.4 እያደጉ ሰኞ ላይ ወለሉ ጋ ይደርሳሉ፤ መውጫ ያላገኙት ግድግዳውን የሚበሱት ያኔ ነው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ኮሌታውን ቆልፎ ከረባቱን ያጠብቃል። ረቡዕ ሲደርስ እብጠቱ ላይ እንደገና ምላጭ ይሄዳል፣ ራስ ራሱን ይቆርጠዋል፣ ይደማል። ጠባሳ የሚሠራው ይህኛው ዙር ነው። አልኮሉ ቆዳውን አድርቆ ያቆጣዋል እንጂ ከቆዳ ሥር ላለው ፀጉር ምንም አይፈይድም። ሎሚ የሚቀቡም አሉ፤ ይህ ከአልኮል ይብሳል፣ ምክንያቱም ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ለወራት የሚቆይ ጥቁር መስመር ሊተው ይችላል።

ለዚህ ሰው የመጀመሪያው ሥራ የተሻለ አላጫጨት መማር አይደለም፣ ምላጭን ለአራት ሳምንት ማቆም ነው። በቆሰለ አንገት ላይ የቱም ዘዴ አይሠራም። ወሩ የተመረጠውም በምክንያት ነው፤ ቆዳ ውስጥ የተቀበረ ፀጉር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ እንደ ሽቦ ተወጥሮ በራሱ ጉልበት ተስፈንጥሮ ይወጣል። መርፌም ቅባትም አያስፈልገውም። ሐዘን የተቀመጠው ሰው ሳያስበው የሚድነው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሸነፉበት ቦታ አለ። የመጀመሪያው ሳምንት ይብሳል። አስቀድመው የተሳሉት ፀጉሮች ሁሉ አሁን ወጥተው እየታጠፉ ስለሚገቡ አዳዲስ እብጠት ይታያል፣ ማሳከኩም ይጨምራል፤ ሰውየውም «ባልላጭ ባሰብኝ» ብሎ ወደ ምላጩ ይመለሳል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አዲስ እብጠት እየቀነሰ፣ ከሦስተኛው በኋላ ጠፍጠፍ እያለ ይሄዳል። ሥራው ጺም ማሳደግ የማይፈቅድለት ከሆነ በቶንዶስ ማሳጠር ይችላል፣ ግን ዜሮ አድርጎ አይደለም። ቁጥር 1 የሚባለው ማበጠሪያ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ያስቀራል፤ ለዚህ ወቅት እሱ ደህና ነው። በምንም መንገድ ከአንድ ሚሊ ሜትር አይነስ።

በነዚህ ሳምንታት ጠዋትና ማታ በሞቀ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ አንገት ላይ መያዝ እብጠቱን ያበርዳል፣ ቆዳውንም ያለሰልሳል። ከዚያ በዚያው ጨርቅ ሳይጫኑ በክብ ማሸት፤ መታጠፍ የጀመሩትን ፀጉሮች ሳይገቡ ያነሳቸዋል።

ቀለበት ሆኖ የሚታይ ፀጉር ካለ ማንሳት ይቻላል። ጎጃሜ እሾህ ማውጣት ያውቅበታል፤ መርፌና ወረንጦ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ችግሩ እጃችን የለመደው ነቅሎ መጣል መሆኑ ነው፣ እዚህ ግን መንቀል ክልክል ነው። በአልኮል የተጠረገ መርፌ ከቀለበቱ ሥር አሳልፎ የገባውን ጫፍ ብቻ ቀስ አድርጎ ማውጣት፣ ሥሩን በቦታው መተው ነው። ከተነቀለ ቀዳዳዋ ባዶ ትቀራለች፤ ከሳምንታት በኋላ አዲሱ ፀጉር ከጥልቅ ተነስቶ ሲመጣ መንገዱን ስቶ ግድግዳውን ይበሳል፣ ያው እብጠት በዚያው ቦታ ይመለሳል። ፀጉሩ በዓይን ካልታየ ደግሞ መቆፈር የለም። ቆፍሮ የሚገኘው ጠባሳ ነው።

አራቱ ሳምንት አልቆ ንቁ እብጠት ሲጠፋ፣ የሚቀረው ውሳኔ ወደ ምላጭ መመለስ ወይስ በቶንዶስ መኖር የሚለው ነው። የኛ አስተያየት፣ ሥራው ሙልጭ ማለትን ካላስገደደው፣ አንድ ሚሊ ሜትር የሚያስቀር ቶንዶስ ለአንገት የተሻለው መፍትሔ ነው። ከሁለት እርምጃ ርቆ የሚያይ ሰው የተላጨና ያልተላጨ መሆኑን አይለይም፤ ፀጉሩም ከቆዳ በታች የሚሰምጥበት ዕድል የለውም።

ምላጭ ግድ ከሆነ ግን ነገሩ በአብዛኛው የሚወሰነው ምላጩ ቆዳ ከመንካቱ በፊት ነው። ደረቅ ፀጉር ጠንካራ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ አብጦ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥም ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል። ለዚህ ሦስት ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል። የደብረ ማርቆስ ጠዋት በቀዝቃዛ ውኃ ተላጭቶ መውጣትን ያስለምዳል፤ ግማሽ ጣሳ ውኃ ማሞቅና ፎጣ ነክሮ አንገት ላይ መያዝ ግን ብዙ ይለውጣል። ከዚያ አረፋው ተቀብቶ ሁለት ደቂቃ ይቆይ። የልብስ ሳሙና ቆዳን ያደርቃል፤ የመላጫ ክሬም ከሌለ ለስላሳ የገላ ሳሙና በደንብ አረፋ አስወጥቶ መጠቀም ይሻላል።

ራስ ቀጥ ይበል፣ አገጭ በትንሹ ብቻ ከፍ ይበል። ግራ እጅ ቆዳ ላይ አይኑር። ምላጩ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ገደማ ጋደል ብሎ፣ በእጀታው ክብደት ብቻ፣ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር እየሄደ፣ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ቀስቶች ይከተል። ከሁለት ሦስት ጉዞ በኋላ ውኃ ውስጥ ይታጠብ፤ በፀጉርና በአረፋ የተሞላ ስለት እንደ ደነዘዘ ይቆጠራል። አንድ ቦታ አንዴ ይለፍ። የሻከረ ከቀረ እንደገና አረፋ ቀብቶ በዚያው አቅጣጫ አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ግን ሻካራነቱን መቀበል ነው። ሲያበቃ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ፣ ሳያሹ በፎጣ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ፣ ሽታና አልኮል የሌለው ቅባት በስሱ መቀባት። ኮሌታ ከመቆለፍ በፊት ሩብ ሰዓት ቢቆይ ይመረጣል፤ ማታ መላጨት ደግሞ ይህን ችግር ከሥሩ ያስቀረዋል።

ፀጉር ቤት ለሚላጭ ሰው ሁሉም ነገር በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልቃል፣ ግን ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። አስተካካዩ «ጋሼ፣ ወደ ላይ ልመልሰው?» ሲል፣ «ተው ወንድሜ፣ አንዴ ይበቃኛል። ቆዳውን ሳትወጥር፣ ከዚህ ወደ ታች፣ ከግርጌው ወደ ላይ አድርግልኝ» ማለት ነው። ጥሩ አስተካካይ በዚህ አይከፋም። እንዲያውም አንገቱ የተበላሸ ደንበኛ ለሱም መጥፎ ማስታወቂያ ነው።

ከፋርማሲ የሚገኙት ነገሮች አጋዥ ናቸው እንጂ መነሻውን አይነኩም። አንድ ከመቶ ሃይድሮኮርቲዞን የተቆጣ እብጠት ላይ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከሳምንት ላልበለጠ ጊዜ ቢቀባ መቅላቱንና ማሳከኩን ያስታግሣል። መግል የሚቋጥሩት ከበዙ አምስት ከመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይረዳል፤ ግን ጨርቅ ያነጣል፣ ማታ ተቀብቶ ጋቢ ለብሶ የተኛ ሰው ጠዋት ጥለቱን አይቶ ያዝናል። በጣም የምንፈራው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡትን ቤታሜታዞንና ክሎቤታዞል ያለባቸውን ቅባቶች ነው። በሦስት ቀን እብጠቱን ጠፍ ያደርጉታል፤ ሰውም ወዶ ለወራት ይቀባቸዋል። ቆዳውን ያሳሱታል፣ ያነጡታል፣ የደም ሥር ያወጡበታል፣ ሲተዋቸውም የባሰ ሽፍታ ይመጣል። እብጠቱ የሚተወው ጥቁር ምልክት ደግሞ ጠባሳ አይደለም፤ አዲስ እብጠት ካልተጨመረበትና ፀሐይ ካልመታው በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል።

አንገት ላይ የሚወጣ ሁሉ የምላጭ እብጠት አይደለም። ከብት በሚረባበት ቤት ያለ ሰው በአንድ ወገን ብቻ ክብ ሆኖ የሚሰፋ፣ ዳሩ የሚቀረፍ ነገር ካየ ከጥጃ የተላለፈ ጭርት ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው፤ በጭርት የተያዘ ፀጉር በወረንጦ ሲሳብ ሳያም ይመጣል፣ የታጠፈው ፀጉር ግን ያማል። ጭርት ላይ ሃይድሮኮርቲዞን መቀባት ያስፋፋዋል፣ የሚድነውም በፈንገስ መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜም በሚዋጥ ነው። እብጠቱ ትኩሳት ካመጣ፣ እጅ ሲነካው የሚሞቅና የሚሰፋ ከሆነ፣ ወይም ከዳነ በኋላ ጠንክሮ ከቁስሉ በላይ እየሰፋ የሚሄድ ጠባሳ ከሠራ የቆዳ ሐኪም ይየው። እንዲህ ያለውን ጠባሳ በምላጭ ማስቆረጥ ፈጽሞ አይገባም፣ ብዙ ጊዜ ተልቆ ይመለሳል።

ማጅራት ላይ የሚወጣው ጠንካራ እብጠት የቅርብ ዘመዱ ቢመስልም በሽታው ሌላ ነው፤ ቶሎ ወደ ጠባሳ ይለወጣል፣ ፀጉሩንም ያጠፋል። ፀጉር ቤት ከቁርጡ በኋላ ማጅራቱን በምላጭ የማጥራት ልማድ ያባብሰዋል። እዚያ ቦታ ላይ ሁለትና ሦስት እብጠት ማየት የጀመረ ሰው ምላጩን ከማጅራቱ ያስቀር፣ ቶንዶሱንም ዜሮ አያስደርግ፣ ጠባሳው ሳይገናኝም ሐኪም ጋ ይሂድ።